ሃያ አራት መስመር፣ ስድስት ንዑስ ርዕስ፦ የተዘበራረቀ ዝርዝር ሳይጎድልና ሳይደገም እንዴት ይመደባል?

ሐረር ውስጥ የምተዳደረው በጽሕፈት ሥራ ነው። ሰው በእጁ የጻፈውን ይዞልኝ ይመጣል፤ እኔ በኮምፒውተር ተይቤ፣ አትሜ እሰጣለሁ። ማመልከቻና የኪራይ ውል ብዙ አያስቸግሩም፤ መልካቸው የታወቀ ነው። የሚያስቸግረኝ ረጅም ዝርዝር ነው። ባለቤቱ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና «ይህን በየፈርጁ አድርጊልኝ» ብሎ ይሄዳል። ማታ ሲመለስ አንዱ ነጥብ ጠፍቶ፣ ሌላው ደግሞ ሁለት ቦታ ገብቶ ያገኘዋል። ይህ የደረሰው በራሴ እጅ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የምከተለውን መንገድ በአንድ ዝርዝር ላይ ላሳይ።

ዝርዝሩ የአጎቴ ነው። ልጁን ሲድር ከአዲስ አበባ ለሚመጡ እንግዶች አንድ ገጽ ወረቀት ማደል ፈለገ፤ በግንብ የታጠረውን የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጁገልን፣ በሁለት ቀን ለማየት ምን ምን እንዳለ፣ ምን መያዝ እንዳለባቸው የሚናገር። ቤተሰቡ ሁሉ ያሰበውን ጨመረበት። አንዱ በወረቀት ጻፈ፣ ሌላው በስልክ ላከ፣ አክስቴ ደግሞ ቡና እያፈላች በቃሏ ነገረችኝ። እንደመጣልኝ እንዲህ ነበር፤ ቁጥሩን ብቻ ነው እኔ የጨመርኩት።

1. ሸዋ በር
2. የሐረር ቡና መግዛት
3. ጅብ ሲመገብ ማየት፣ ከመሸ በኋላ
4. ሬምቦ ቤት
5. ምቹ ጫማ፣ መንገዱ ድንጋይ ነው
6. ጃሚዕ መስጊድ
7. ፈረስ መጋላ
8. ከእሱ አጠገብ ያለው የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን
9. ፈላና በር
10. የአሚር ኑር መቃብር
11. በራስ ተፈሪ ቤት ያለው የሸሪፍ ሙዚየም
12. መኪና ግርግር
13. ቡዳ በር እና ሰንጋ በር
14. የሐረሪ ቤት ውስጡን ማየት
15. ግድር መጋላ
16. ሴቶች ሻሽ ይያዙ
17. አስመዲን በሪ፣ ጥዋት ከነገበያው
18. የሐረር ስፌት መግዛት
19. የአው አባድር መቃብር
20. ኤረር በር
21. ሰው ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ መጠየቅ
22. ሐረር በር
23. ከድሬዳዋ ኤርፖርት በሚኒባስ መምጣት
24. ለማታ ሹራብ

ከሁሉ በፊት የሚሠራው ይህ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ደረጃን አያሳይም፤ የነጥቡ መታወቂያ ነው። አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ነጥቡ የትም ቢዛወር ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል፤ ወረቀቱ ለሕትመት እስኪዘጋጅ ድረስ አይነሳም። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚሰጠውን ተራ ቁጥር ግን ለዚህ አትመኑ። እሱ መስመሩ በተዛወረ ቁጥር እንደ አዲስ ይቆጥራል፤ 18 የነበረው 5 ይሆንና ዱካው ይጠፋል። ቁጥሩን እንደ ማንኛውም ፊደል በእጃችሁ ጻፉት። ዋናው ዝርዝርም ቅጂው ተቀምጦ ማንም ሳይነካው ይቆይ፤ በኋላ የምንመሳከረው ከእሱ ጋር ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ

ቀጥሎ ያለው ሥራ ንዑስ ርዕሶቹን ማግኘት ነው። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ ዝርዝሩን አንብቤ ሳልጨርስ ርዕስ ማውጣት ጀመርኩ። «ታሪካዊ ቦታዎች»፣ «የሃይማኖት ቦታዎች»፣ «በሮች»፣ «ገበያዎች»፣ «የምሽት ፕሮግራም»፣ «ማሳሰቢያ» አልኩ። ሲያዩት ደህና ይመስላል። ነጥቦቹን ማስገባት ስጀምር ግን ጃሚዕ መስጊድ የሃይማኖት ቦታም ታሪካዊም ሆነብኝ። የአሚር ኑር መቃብርም እንደዚያው። ሸዋ በር በር ነው፣ ገበያም አለው። ጁገል ውስጥ ደግሞ «ታሪካዊ አይደለም» ተብሎ የሚወጣ ነገር ከየት ይመጣል? ግንቡን ራሱን አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ነው። ሁሉን የሚውጥ ርዕስ ምንም አይለይም።

ድግግሞሽ የሚወለደው ከዚህ ነው። «ታሪካዊ» የሚለው ርዕስ ስለ ዕድሜ ይጠይቃል፣ «ገበያ» የሚለው ስለ ሥራው፣ «የምሽት» የሚለው ስለ ሰዓቱ። ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድ ገጽ ላይ ከተሰለፉ አንድ ነጥብ ለሁለቱ ወይም ለሦስቱም መልስ ይሆናል፤ ሲሆንም ሁለት ቦታ ይገባል። ነጥቡ ምንም አላጠፋም፤ ጥፋቱ የርዕሶቹ ነው።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ መርጦ በዝርዝሩ ሁሉ ላይ እሱን ብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። የትኛው ጥያቄ ይሻላል የሚለውን የሚወስነው ወረቀቱን የሚይዘው ሰው ነው። ለታሪክ ተማሪ ቢሆን በዘመን እመድበው ነበር፤ ለሹፌር ቢሆን በሰፈር። የሰርግ እንግዳ ግን ወረቀቱን ይዞ ሲቆም የሚያስበው «እዚያ ሄጄ ምን አደርጋለሁ?» ብሎ ነው። በበሩ ያልፋል፣ መቃብሩን ይዘይራል፣ ሙዚየም ገብቶ ይጎበኛል፣ ገበያ ውስጥ ይዞራል ይገዛል፣ ጫማና ሹራብ አስቀድሞ ይይዛል። ይህን ጥያቄ ስጠይቅ «ታሪካዊ» የሚለው ርዕስ ያለ ማንም ጎትጓች ወደቀ፤ ዕድሜ የሚደረግ ነገር አይደለምና።

እያንዳንዱን ነጥብ ስንጠይቅ በቃሉ ሳይሆን በትርጉሙ ነው የምንጠይቀው። ከአዲስ አበባ የመጣች የአጎቴ ልጅ እያገዘችኝ ሳለ 12ን፣ መኪና ግርግርን፣ ከሚኒባሱ ጋር አስቀመጠችው። አልፈርድባትም፤ «መኪና» ይላላ። እዚህ አገር ያደገ ሰው ግን ያ ጠባብ መንገድ የልብስ ሰፊዎች መደዳ እንደሆነ፣ መኪናውም የስፌት መኪና እንደሆነ ያውቃል። ስሙን ብቻ አይቶ መመደብ ከማያውቁት ሰው ጋር በስም ብቻ እንደመዛመድ ነው። የማታውቁት ነጥብ ካለ ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትመድቡት።

ቆርጦ ከመለጠፍ ይልቅ ጎኑ ላይ መጻፍ

የብዙ ሰው ነጥብ የሚጠፋው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። የተለመደው አሠራር መስመሩን ከላይ ቆርጦ ታች ርዕሱ ሥር መለጠፍ ነው። ኮምፒውተሩ ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው የመጨረሻውን የተቆረጠ ነገር ነው። 18ን፣ የስፌቱን መስመር፣ ቆርጣችሁ ሳትለጥፉ ስልክ ቢጠራ፣ ስትመለሱ ሌላ መስመር ብትቆርጡ፣ የመጀመሪያው ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል። ከመቁረጥ ይልቅ ቀድታችሁ ብትለጥፉ ደግሞ አሮጌውን መሰረዝ ትረሱና ነጥቡ ሁለት ይሆናል። በእኔ ሥራ 18 የጠፋው በመጀመሪያው መንገድ ነበር፤ 6 የተደገመው በሁለተኛው።

የሚሻለው ምንም ነጥብ በእጅ አለማንቀሳቀስ ነው። ኤክሴል ላይ በመጀመሪያው ዓምድ ቁጥሩን፣ በሁለተኛው ነጥቡን፣ በሦስተኛው የርዕሱን መለያ እጽፋለሁ፤ ለበሮች «ሀ»፣ ለዚያራ «ለ»፣ እንዲህ እያልኩ። በአንድ ሳጥን አንድ ፊደል ብቻ ይገባል። ይህ ሕግ ብቻውን ድግግሞሽን ይከለክላል። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የቀረበት መስመር ካለም ገና ያልተመደበ መሆኑ በዓይን ይታያል። ሁሉም ሲሞላ ዝርዝሩ በሦስተኛው ዓምድ እንዲደረደር አዛለሁ፤ ማዛወሩን ኮምፒውተሩ ይጨርሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ሦስተኛውን ዓምድ ብቻ መርጣችሁ `Sort` ብትሉ ኤክሴል አጠገቡ ሌላ ጽሑፍ እንዳለ ይነግራችኋል፤ ሁለት ምርጫም ይሰጣል። `Expand the selection` የሚለው መስመሩን እንዳለ ያንቀሳቅሳል። `Continue with the current selection` የሚለው ግን ፊደሎቹን ብቻ አንቀሳቅሶ ነጥቦቹን ባሉበት ይተዋቸዋል፤ ያኔ ሹራቡ በር ይሆናል፣ ቡናው መቃብር። ወዲያውኑ ከታየ `Ctrl+Z` ይመልሰዋል፤ ተቀምጦ ከተዘጋ በኋላ ግን ያልተነካውን ዋና ቅጂ መፈለግ ነው።

ኮምፒውተር የሌለው ሰው ደግሞ ዝርዝሩን ፎቶ ኮፒ አድርጎ በመቀስ ይቁረጠው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ቁራጭ ይሆናል፤ ጠረጴዛ ላይ በየክምሩ ይቀመጣል። አንድ ቁራጭ ወረቀት ሁለት ቦታ ሊሆን አይችልም። ከነፋሱ ከጠበቁት የሚያስተማምን ዘዴ ነው።

ድንበር ላይ የቆሙት

ጥያቄው አንድ ቢሆንም አንዳንድ ነጥብ አሁንም ወደ ሁለት በኩል ያዘነብላል። 16ን፣ የሻሹን ነገር፣ እንውሰድ። ከመስጊዱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑና ከመቃብሮቹ ጋር የሚሄድ ይመስላል። አክስቴም «ከእነሱ ሥር አድርጊው እንጂ» አለችኝ። እኔ ግን አንዲት እንግዳ ወረቀቱን የምታነብበትን ሰዓት አሰብኩ። ስለ ሻሹ የምታነበው መስጊዱ በር ላይ ደርሳ ከሆነ ሻሹ ሆቴል ቀርቷል። የሚጠቅማት ከመነሳቷ በፊት ስታየው ነው። ስለዚህ ከጫማውና ከሹራቡ ጋር አስቀመጥኩት። ለድንበር ነጥቦች የያዝኩት ሕግ ይኸው ነው፦ ሰውየው ሳያየው ቢያልፍ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው የት ነው? እዚያ ይግባ።

በሁለቱም ቦታ መታየት አለበት ካላችሁ ነጥቡን አትድገሙት፤ ጠቋሚ ጻፉ። የዚያራ ቦታዎች በሚለው ርዕስ ጎን «16ን ይመልከቱ» ማለት ይበቃል። ጠቋሚ ቁጥሩን ብቻ ይጠራል እንጂ ይዘቱን አይደግምም፤ በቆጠራም አይገባም። ልዩነቱ የሚታወቀው ነገ ነጥቡ ሲቀየር ነው። ጠቋሚ ካለው አንድ ቦታ ታርሙና ይበቃችኋል፤ ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ግን አንዱን አርማችሁ ሌላውን ትረሳላችሁ፤ ወረቀቱም ራሱን በራሱ ይቃረናል።

3 ደግሞ ጎረቤት የለውም። ጅብ ሲመገብ ማየት ግዢም ዚያራም አይደለም። አጎቴ «ልዩ ልዩ» በሚል ርዕስ እንዳስገባው ፈለገ። አልተስማማሁም። «ልዩ ልዩ» የሚል ርዕስ አንዴ ከተከፈተ ለማሰብ የከበደን ሁሉ እዚያ ይጣላል፤ አራት አምስት ነጥብ ከገባበት ደግሞ ያልታየ ሌላ ርዕስ ውስጡ ተደብቋል ማለት ነው። አንድ ነጥብ ብቻ ከተረፈ ግን በስሙ ለብቻው ይቁም፤ በአንድ ነጥብ ርዕስ አያፍርም። ጅቡን ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ነገር ስለሆነ ለብቻው መታየቱ ይገባዋል።

የተገላቢጦሹ ችግር አንድ ርዕስ ከሌሎቹ ተለይቶ ሲያብጥ ነው። ዩኔስኮ ጁገልን በዓለም ቅርስነት በ2006 እ.ኤ.አ. ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የዚያራ ቦታዎች እንዳሏት ተጽፏል። አጎቴ እነዚህን ሁሉ ዘርዝሮ ቢመጣ «የዚያራ ቦታዎች» የሚለው አንድ ርዕስ አይበቃም ነበር፤ ውስጡ በሰፈር መከፈል ነበረበት። የእኛው አራት ብቻ ስለሆነ እንዳለ ቆየ።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ዝርዝሩ ስህተት ሲሆን

የመጀመሪያውን ሙከራዬን ጨርሼ መስመሮቹን ስቆጥር 24 ሆኑ። ዋናውም 24 ነው። ደስ ብሎኝ አተምኩት። አጎቴ አየውና «ስፌቱስ?» አለኝ። ስፌቱ የለም። ጃሚዕ መስጊድ ደግሞ ሁለት ቦታ ላይ አለ። አንድ ጠፍቶ አንድ ሲደገም ቆጠራው አይዛነፍም፤ ቆጠራን ብቻ ያመነ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ከቆጠራ የሚሻለው መታወቂያ ቁጥሮቹን መደመር ነው። ከ1 እስከ 24 ያሉት ቁጥሮች ሲደመሩ 300 ይሆናሉ። ለማስላት የመጨረሻውን ቁጥር ከእሱ ቀጥሎ ባለው አባዝቶ ለሁለት ማካፈል ነው፤ 24 ጊዜ 25፣ 600፣ ግማሹ 300። በተበላሸው ገጽ ላይ ያሉትን ስደምር 288 መጣ። 18 ስለጎደለ 18 ቀነሰ፣ 6 ስለተደገመ 6 ጨመረ፤ የ12 ልዩነት ከዚያ ነው። ምንም ሳይደገም አንድ ነጥብ ብቻ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ራሱ የጠፋውን ቁጥር ይነግረን ነበር።

ድምሩም ግን ሊታለል ይችላል። 9 እና 5 ጠፍተው 10 እና 4 ቢደገሙ የጎደለው 14፣ የበዛውም 14 ነው፤ 300 ሳይነቃነቅ ይቀራል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ይሁንና ጥርጣሬ እንዳይኖር የመጨረሻው ማረጋገጫ ቁጥር በቁጥር ማለፍ ነው። በባዶ ወረቀት ላይ ከ1 እስከ 24 ጻፉ። የተመደበውን ገጽ ከላይ ወደ ታች እያነበባችሁ ያያችሁትን ቁጥር በአንድ ሰረዝ ምቱ። ሲያልቅ ሰረዝ የሌለው ጠፍቷል፤ ሁለት ሰረዝ ያለው ተደግሟል። ለ24 ነጥብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዝርዝሩ ረጅም ከሆነና ኤክሴል ላይ ካለ፣ የመጀመሪያው መስመር ለዓምዶቹ ስም ተትቶ ነጥቦቹ ከሁለተኛው መስመር ከጀመሩ፣ በአራተኛው ዓምድ ሁለተኛ መስመር ላይ ይህን ጽፎ ወደ ታች መሳብ ተደጋጋሚውን ያወጣዋል፤ ከ1 በላይ የመጣበት መስመር ተደግሟል ማለት ነው።

```
=COUNTIF(A$2:A$25,A2)
```

ይህ ቀመር የጠፋውን አይነግርም፤ የሌለ መስመር ራሱን ሊቆጥር አይችልምና። ስለዚህ ድምሩን ወይም ሰረዙን አይተካም።

በሩ ሰባት ሲሆን

ምደባው ተስተካክሎ፣ ድምሩ 300 መጥቶ፣ ሥራው አለቀ ብዬ ሳለ አጎቴ ወረቀቱን እንደያዘ ዝም አለ።

«ልጄ፣ በሮቹን ቁጠሪልኝ።»

ቆጠርኩለት፦ ሸዋ፣ ፈላና፣ ቡዳ፣ ሰንጋ፣ አስመዲን፣ ኤረር፣ ሐረር።

«ሰባት ነው፣ ጋሼ።»

«ጁገል ሰባት በር ኖሮት አያውቅም። ጥንት አምስት ነበር፣ በኋላ መኪና የሚገባበት ሐረር በር ሲከፈት ስድስት ሆነ። ሰባተኛውን ማን ሠራው?»

ማንም አልሠራውም። ሸዋ በርና አስመዲን በሪ አንድ በር ነው፤ አንዱ በአማርኛ ነው፣ ሌላው በሐረሪ። እዚህ ከተማ በሮቹ ሁለት ሦስት ስም አላቸው፤ ቡዳ በር የሚሉት በድሮ በሪም ይባላል፣ ፈላና በር አሱም በሪም ይባላል። 1ን አጎቴ፣ 17ን ጎረቤታችን ጽፈውታል፤ ሁለቱም ስለ አንድ ቦታ ነው የተናገሩት። ድምሩም ሰረዙም ይህን ሊያሳዩኝ አይችሉም ነበር፤ ለእነሱ 1 እና 17 ሁለት ቁጥር ናቸው። ያጋለጠው መመደቡ ነው። በሮቹ በሃያ አራቱ መሃል ተበትነው ሳሉ ማንም አላስተዋለም፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ቦታውን የሚያውቅ ሰው ወዲያው አያቸው።

እንዲህ ያለ ሲገኝ አንዱን ሰርዞ ማለፍ ይቀናል። 17ን ብሰርዝ ግን «ጥዋት ከነገበያው» የሚለው አብሮ ይጠፋ ነበር፤ 1 ላይ ያ ቃል የለም። ስለዚህ የሁለቱን ይዘት አንድ ላይ አደረግሁና «1+17» ብዬ ጻፍኩት። ቁጥሩ ሳይጠፋ ስለሚቆይ በኋላ «የእኔ ነጥብ የት ገባ?» ለሚል ጎረቤት መልስ አለኝ። ማዋሃዱን ደግሞ በራሴ አልወሰንኩም፤ የዝርዝሩ ባለቤት ሲፈቅድ ነው። የመዳቢ ሥራ ነጥቦችን ማስቀመጥ ነው፤ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት ብሎ መፍረድ የባለቤቱ ነው።

13 የዚህ ግልባጭ ነው፤ በአንድ መስመር ሁለት በር አለበት። ሁለቱም በር በመሆናቸው ምደባውን አላዛባም። «ቡዳ በር እና ሹራብ» የሚል ቢሆን ኖሮ ግን ገና ከመመደቡ በፊት መከፈል ነበረበት፤ ያለዚያ አንደኛው ግማሽ ያለ ቦታው ይገባል። እኔ 13ሀ እና 13ለ ብዬ ለየኋቸው። አሁን ልብ በሉ፦ አንድ ተዋህዶ አንድ ተቀነሰ፣ አንድ ተከፍሎ አንድ ተጨመረ፣ መስመሩ ተመልሶ 24 ሆነ። ይህን በወረቀቱ ጥግ ካላሰፈርኩት በሚቀጥለው ሳምንት የሚያየው ሰው ምንም አልተለወጠም ብሎ ያስባል። 13ን አንድ ጊዜ፣ 17ን ደግሞ ከ1 ጎን ቆጥሮ የሚደምር ሰው አሁንም 300 ያገኛል።

ሌላም ነገር መመደቡ ራሱ አበላሽቶ ነበር፤ ይህን ያየሁት ጮክ ብዬ ሳነብ ነው። 8 «ከእሱ አጠገብ ያለው የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን» ይላል። በዋናው ዝርዝር ከላዩ ያለው 7፣ ፈረስ መጋላ ስለነበር «እሱ» ማለት ፈረስ መጋላ ነው፤ ልክም ነው። ከተመደበ በኋላ ግን ከላዩ ያለው 6፣ ጃሚዕ መስጊድ ሆነ። አንድ ፊደል ሳይቀየር ዓረፍተ ነገሩ እንግዳውን ወደማይሆን ቦታ የሚመራ ሆነ ማለት ነው። «እሱ»፣ «እዚያው»፣ «ከላይ እንደተባለው»፣ «ቀጥሎ» የሚሉ ቃላት ሁሉ በጎረቤታቸው ነው የሚኖሩት፤ ነጥቡ ሲዛወር ትርጉማቸው እዚያው ይቀራል። ከማዛወራችን በፊት ፈልጎ በስም መተካት ያስፈልጋል። ቃላትን የቀየርኩት እዚህ ላይና በተዋሃደው በር ላይ ብቻ ነው፤ የቀረውን ሰው እንደተናገረው ተውኩት። ለማሳመር ብሎ ማሳጠር ከ3 ላይ «ከመሸ በኋላ»ን፣ ከ5 ላይ «ድንጋይ ነው»ን ይወስዳል፤ ቁጥሩ እያለ ይዘቱ የጎደለ ነጥብ ደግሞ በየትኛውም ድምር አይገኝም።

በየርዕሱ ውስጥ ማን ይቅደም የሚለው የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ከማረጋገጫው በፊት ባይነካ ይመረጣል። እኔ በሮቹን ብቻ አስተካከልኩ፤ እንግዳው ከመኪናው መግቢያ ጀምሮ ግንቡን ቢዞር በሚያገኛቸው ቅደም ተከተል። ሌሎቹ በመጡበት ተራ ቆዩ።

የተስተካከለው ገጽ ይህ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት
- 5 ምቹ ጫማ፣ መንገዱ ድንጋይ ነው
- 16 ሴቶች ሻሽ ይያዙ
- 21 ሰው ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ መጠየቅ
- 23 ከድሬዳዋ ኤርፖርት በሚኒባስ መምጣት
- 24 ለማታ ሹራብ

የምታልፉባቸው በሮች
- 22 ሐረር በር
- 1+17 ሸዋ በር (አስመዲን በሪ)፣ ጥዋት ከነገበያው
- 13ሀ ቡዳ በር
- 13ለ ሰንጋ በር
- 20 ኤረር በር
- 9 ፈላና በር

የአምልኮና የዚያራ ቦታዎች (16ን ይመልከቱ)
- 6 ጃሚዕ መስጊድ
- 8 ፈረስ መጋላ አጠገብ ያለው የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን
- 10 የአሚር ኑር መቃብር
- 19 የአው አባድር መቃብር

ገብታችሁ የምትጎበኟቸው ቤቶች
- 4 ሬምቦ ቤት
- 11 በራስ ተፈሪ ቤት ያለው የሸሪፍ ሙዚየም
- 14 የሐረሪ ቤት ውስጡን ማየት

የምትዞሩበትና የምትገዙበት
- 2 የሐረር ቡና መግዛት
- 7 ፈረስ መጋላ
- 12 መኪና ግርግር
- 15 ግድር መጋላ
- 18 የሐረር ስፌት መግዛት

የጅብ ምገባ
- 3 ጅብ ሲመገብ ማየት፣ ከመሸ በኋላ

የየርዕሱ ድምር ከላይ ወደ ታች 89፣ 82፣ 43፣ 29፣ 54 እና 3 ነው፤ ባንድ ላይ 300። በየርዕሱ ለብቻው መደመሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ ነገ አንድ ነገር ቢዛነፍ ገጹን ሁሉ ሳይሆን ያንን ርዕስ ብቻ ነው የምንፈትሸው።

ሊታተም ሲል አክስቴ ከማድ ቤት ወጥታ «ጫማ ማውለቅንስ ማን ይነግራቸዋል?» አለች። አዲስ ነጥብ ሲመጣ ባዶ የቀረ አሮጌ ቁጥር አይሰጠውም፤ የ17 ቦታ ነጻ ይመስላል፣ ግን ባለቤት አለው። 25 ሰጠሁት። የት ይግባ? ሻሹን ያስቀመጥንበትን ሕግ ጠየቅኩት፦ ሳያዩት ቢያልፉ የሚጎዳው የት ነው? ሻሽ ከቤት ይያዛል፣ ጫማ ግን የሚወልቀው እዚያው ደጃፉ ላይ ነው። ከ19 ሥር፣ የአምልኮና የዚያራ ቦታዎች በሚለው ርዕስ ገባ። የርዕሱ ድምር ከ43 ወደ 68፣ የገጹ ከ300 ወደ 325 ወጣ፤ 25 ጊዜ 26 ግማሹም 325 ነው። መታወቂያ ቁጥሮቹን ከገጹ ላይ ከማንሳቴ በፊት የዚያራውን ጠቋሚ «ሻሽ መያዝ እንዳትረሱ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የሚለውን ይመልከቱ» ብዬ ቀየርኩት፤ ቁጥር የሌለው ገጽ ላይ «16» ማለት ለእንግዳው ምንም አይነግረውም። ከዚያ 60 ቅጂ አተምኩ።